ለጥናት ጓደኛዬ የላክሁት የመጀመሪያ መልእክት

ባለፈው ግንቦት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሰባት ሆነን ለኤፒዲሚዮሎጂ ፈተና ስናጠና፣ አንድ የክፍላችን ልጅ የመማሪያ ደብተሩን ዘግቶ ጥሬ ቡና ጠየቀ። የተቀመጥነው ከግቢ ውጭ ተከራይታ በምትኖር ጓደኛችን ቤት በረንዳ ላይ ነበር። ጅማ ስለሆነ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ ጮክ ካላልን አንሰማማም። ጓደኛችን ከአጋሮ ከቤተሰቦቿ ያመጣችው ቡና ነበራት፤ የተወሰነውንም እየቆላች ነበር። ልጁ ዘጠና ጥሬ ፍሬና አሥር የተቆላ ፍሬ ቆጥሮ ሰፌድ ላይ ደባለቃቸው። ጥሬዎቹ ጤነኞች፣ ጥቋቁሮቹ ሕመምተኞች ናቸው አለን።

ያልገባን ነገር ይህ ነበር፦ አንድ ምርመራ ከአሥር ሕመምተኞች ዘጠኙን የሚያገኝ፣ ከአሥር ጤነኞች ደግሞ ዘጠኙን በትክክል ነፃ የሚል ከሆነ፣ «በሽታው አለብህ» የተባለ ሰው በእርግጥ የታመመ የመሆኑ ዕድል ስንት ነው? ብዙዎቻችን ዘጠና በመቶ ብለናል። እሱ ግን መልሱን አልነገረንም። ከመካከላችን ጥያቄውን ሁለት ጊዜ ጠይቆ ያልገባውን፣ ለሦስተኛ ጊዜ ለመጠየቅ አፍሮ ዝም ያለውን ልጅ «አንተ ቁጠር» ብሎ ሰፌዱን ወደ እሱ ገፋለት። ልጁ ምርመራው «በሽታው አለብህ» የሚላቸውን መለየት ጀመረ፦ ከጥቋቁሮቹ ዘጠኝ አወጣ። ከጥሬዎቹም ከየአሥሩ አንድ፣ ማለትም ዘጠኝ፣ አወጣ። በአንድ በኩል የተከመሩት አሥራ ስምንት ፍሬዎች ግማሽ በግማሽ ነበሩ። «ሃምሳ በመቶ!» ብሎ የጮኸው ያ ያፈረው ልጅ ነው።

በዚያ ቅዳሜ የወደድኩት ስሌቱን ብቻ አልነበረም፤ ሰፌዱን ወደ ማን እንደገፋው አይቻለሁ። ወደ ቤት ስሄድ ለዚህ ልጅ አንድ ነገር ልጽፍለት እንደሚገባ አውቄያለሁ። ከዚያ በፊት በአንድ ክፍል ሁለት ዓመት ስንማር ከሰላምታ ያለፈ ነገር ተነጋግረን አናውቅም።

መልእክቱን ለመጻፍ ሙሉ ቀን ፈጀብኝ። የፈጀብኝ ዓይን አፋር ስለሆንኩ ብቻ አይደለም። እንዲህ ያለ መልእክት ምን ሊያበላሽ እንደሚችል ስለማውቅ ነው። አንደኛ ዓመት ሳለሁ በሌላ የጥናት ቡድን ውስጥ ነበርኩ። በደንብ የምንግባባ፣ ማስታወሻ የምንዋዋስ ልጆች ነበርን። ከእነሱ አንዱ አንድ ማታ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ «ሰላም» ብሎ ጻፈልኝ። እንቅልፍ ላይ ስለነበርኩ ያነበብኩት ጠዋት ነው፤ ምን እንደምመልስ ሳስብ ወደ ክፍል ገባሁ። ከሰዓት «?» ላከ። ማታ ደግሞ «አንብበሽ ዝም አልሽ፤ ንቀሽኝ ነው?» የሚል መጣ። ልጁ ክፉ ሰው አልነበረም። እኔ ግን በሚቀጥለው ሳምንት ጥናቱ ጋር አልሄድኩም፤ ከዚያ በኋላም አልሄድኩም። ቡድኑን ያጣሁት በሦስት መስመር ነው።

ስለዚህ ለራሴ ያስቀመጥኩት መለኪያ አንድ ብቻ ነበር፦ ይህ ልጅ መልስ ሰጠም አልሰጠም፣ እኔም እሱም የሚመጣው ቅዳሜ ያለ ጭንቀት እዚያው በረንዳ ላይ መቀመጥ መቻል አለብን። ለማያውቁት ሰው መጻፍና ለጥናት ጓደኛ መጻፍ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። የማያውቁት ሰው ዝም ካለ ነገሩ እዚያው ይቀራል። የጥናት ጓደኛ ዝም ካለ ግን ከሰባት ቀን በኋላ ፊት ለፊት ተቀምጦ እስክሪብቶ ይጠይቃችኋል።

እሑድ ጠዋት የራሴን ስልክ ከፍቼ ባለፉት ሁለት ዓመታት ከወንዶች የደረሱኝን የመጀመሪያ መልእክቶች አንድ በአንድ አነበብኳቸው። መቀበል ምን እንደሚመስል የማውቀውን ያህል መላክን አላውቅም ነበርና፣ የጀመርኩት ከማውቀው ነው። እህቶቼ የሆናችሁ አንባቢዎች ተመሳሳዩን ብታደርጉ ትጠቀማላችሁ። ወንድሞች ደግሞ የምታምኗት እህት ካላችሁ ጠይቋት።

ብዙዎቹ ከ«ሰላም» አያልፉም። «ሰላም»፣ «ሰላም ነው?»፣ «እንዴት ነሽ?»። ሰላምታ በእኛ ዘንድ ትልቅ ነገር ነው፤ በአካል ስንገናኝ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ጤና፣ ስለ ሥራ ጠይቀን ሳንጨርስ ወደ ጉዳይ አንገባም። በጽሑፍ ብቻውን ሲመጣ ግን ሥራውን ሁሉ ለተቀባዩ ይተዋል። ማን ነህ ብዬ መጠየቅ፣ ምን ፈለግህ ብዬ መጠየቅ፣ ደግሞም ሳላስቀይም መጠየቅ የእኔ ፈንታ ይሆናል። የብዙዎቹን ያልመለስኩት ጠልቻቸው ሳይሆን ምን ብዬ እንደምጀምር ስላላወቅሁ ነው።

ሌሎቹ «ልተዋወቅሽ» ይላሉ። ቃሉ ራሱ ንጹሕ ነው። ግን መንገድ ላይ፣ ታክሲ ጥበቃ ላይ፣ ካፌ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሰማነው ሴቶች እናውቃለን፤ አሁን ትርጉሙ አንድ ብቻ ሆኗል። አብራችሁ ለተማራችሁት ሰው «መተዋወቅ ፈልጌ ነው» ስትሉ ያለፈው ትውውቃችሁ እንዳልነበረ ይቆጠራል፤ ጥያቄውም ስለ ጓደኝነት ሳይሆን ስለ ፍቅር ይሆናል። ያንን ለመጠየቅ ጊዜ አለው። ከአንድ የጥናት ከሰዓት በኋላ ግን ገና ነው።

ከሁሉም የከበደኝ አንዱ ነበር። «ቁጥርሽን ከስም ዝርዝሩ ላይ ነው ያገኘሁት» ይላል። ሌላው ሁሉ በጨዋነት የተጻፈ ነው፤ ያንን ዓረፍተ ነገር ካነበብኩ በኋላ ግን የቀረውን በሙሉ ልብ ማንበብ አልቻልኩም። ቁጥሬን ለዝርዝሩ የሰጠሁት ለክፍል ጉዳይ ነበር። እኔም በዚያ እሑድ የልጁን ቁጥር ከክፍል ተጠሪያችን ማግኘት እችል ነበር፤ አልጠየቅሁም። የጥናት ቡድናችን የቴሌግራም ግሩፕ ነበረው፤ እሱም እኔም እዚያ አለን። በግሩፑ ውስጥ ስሙን ነክቶ በቀጥታ መጻፍ ይቻላል፤ ስልክ ቁጥሩን ማወቅ አያስፈልግም። መልእክቱ ሲደርሰውም ከየት እንደመጣሁ ግልጽ ነው። ሁለታችንም ከገባንበት በር ነው የገባሁት።

ከሰዓት በፊት የመጀመሪያውን ረቂቅ ጻፍኩ። የስልኩን ገጽ ሞልቶ ተርፏል። እንዴት እንዳደነቅሁት፣ እንደሱ ያለ ሰው በክፍላችን እንደሌለ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳላናግረው መቆየቴ እንደቆጨኝ ይናገራል። ሁሉም እውነት ነበር። ታላቅ እህቴ ቅቤ እያነጠረች ስለነበር ጮክ ብዬ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰምታ «ይህንን የሚቀበል ሰው ምን ይመልሳል?» አለችኝ። አሰብኩ። «አመሰግናለሁ» ከማለት ሌላ ምንም ሊል አይችልም። ወይም እኩል የሆነ ምስጋና መመለስ አለበት፤ እሱ ደግሞ ስለ እኔ የሚያውቀው ከመስኮቱ አጠገብ መቀመጤን ብቻ ነው። ብዙ ምስጋና ከማያውቁት ሰው ሲመጣ ዕዳ ይመስላል።

ከዚያ ስልኩን ተቀብላኝ ራሷ አነበበችና አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ቆመች። «ኤፒዲሚዮሎጂ ላይ ደካማ ነኝ፤ አንተ ግን ትረዳኛለህ» ብዬ ጽፌ ነበር። እኔ ልል የፈለግሁት ታግዘኛለህ፣ ታስጠናኛለህ ነው። እሷ ያነበበችው ግን «ረ»ን አጥብቃ ነው፦ ስሜቴ ይገባሃል፣ ውስጤን ታውቃለህ። ፊደላችን ሲጠብቅና ሲላላ አያሳይም። በቃል ስናገር ድምፄ የሚለየውን ጽሑፉ አይለየውም፤ እሱ በየትኛው እንደሚያነበው ደግሞ በእጄ አይደለም። «ልታስጠናኝ ትችላለህ?» ብዬ ቀየርኩት። በኋላ እሱንም ሰረዝኩት፤ ለምን እንደሰረዝኩት እመጣበታለሁ። እናንተም ከመላካችሁ በፊት እያንዳንዱን ግሥ አንድ ጊዜ አጥብቃችሁ፣ አንድ ጊዜ አላልታችሁ አንብቡት። በላቲን ፊደል መጻፍ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል፦ «መጣህ» እና «መታህ» በዚያ አጻጻፍ አንድ ናቸው። የመጀመሪያ መልእክት በፊደላችን ቢጻፍ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው፤ የሚጨምረው ልፋት ጥቂት ሰከንድ ነው።

ስለ አጠራሩም ብዙ አሰብኩ። በአማርኛ አንድን ሰው አንተ፣ አንቺ ወይም እርስዎ ሳይሉ ማናገር ይከብዳል፤ ግሡ ራሱ ይናገራል። በረንዳው ላይ «አንተ»፣ «አንቺ» ተባብለናል፤ ስለዚህ ጽሑፉም ያው ሆነ። በጽሑፍ ከጠረጴዛው የበለጠ ማክበርም ከጠረጴዛው የበለጠ መቅረብም ሰውየውን ግራ ያጋባል። በቡድናችሁ ውስጥ ሥራ ላይ ቆይቶ ወደ ትምህርት የተመለሰ፣ በዕድሜ የገፋና ሁላችሁም «እርስዎ» የምትሉት ሰው ካለ፣ ለእሱም በጽሑፍ ያንኑ ነው።

እህቴ «ወንድሜ በይው፤ ያቀለዋል» አለችኝ። እውነት ነው፣ ያቀለዋል። «ወንድሜ»፣ «እህቴ» ያልነው ሰው ሥጋት አይገባውም። እኔ ግን አልፈለግሁም። ለልጁ የተሰማኝ ነገር ምን እንደሆነ ገና አላወቅሁም ነበር፤ ከአድናቆት ያለፈ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። «ወንድሜ» ብዬ ገብቼ ከወር በኋላ ሌላ ነገር ብናገር የመጀመሪያው ቃሌ ማታለያ ይሆናል። በእርግጥ እንደ ወንድም የምታዩት ከሆነ በሉት። ካልሆነ ግን ስሙን ብቻ መጥራት ይበቃል። ሌላም ሐሳብ ነበር፦ የአፍ መፍቻ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ስለሆነ «አካም ጅርታ» ብዬ ልጀምር አልኩ። ቋንቋውን ብናገር ኖሮ ሙሉ መልእክቱን በዚያ እጽፈው ነበር። የማውቀው ግን ከሰላምታው ብዙም አያልፍም፤ ቢመልስልኝ ሁለተኛውን መስመር መቀጠል ስለማልችል ተውኩት።

አሁን ወደ ጥያቄው ልምጣ፤ መልእክቱን መልእክት ያደረገው እሱ ነውና። አድናቆት ብቻውን መልስ የሚጠይቅ ነገር የለውም። ጥያቄ ግን መያዣ አለው፤ ሰውየው ያንን ይዞ ሊመልስ ይችላል። ብዙ ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ መልሱን የሚያውቁትን ጥያቄ ይጠይቃሉ፦ «ፈተናው መቼ ነው?»፣ «የትኛው ምዕራፍ ይገባል?»። የክፍል ልጅ ይህን ወዲያው ይለየዋል፤ ፈተናው ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል። «ልታስጠናኝ ትችላለህ?» ደግሞ በሌላ በኩል ከበደ፤ ጊዜ፣ ቦታ፣ ፈቃድ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጠይቃል። «አልችልም» ለማለትም ያሳፍራል። የሰረዝኩት ለዚህ ነው።

እውነተኛ ጥያቄዬን ያገኘሁት ቤት ውስጥ ነው። ለታናሽ ወንድሜ የቅዳሜውን ነገር ላሳየው ብዬ ዘጠና የበቆሎ ፍሬና አሥር ባቄላ ቆጠርኩ። ሠራ፤ አሥራ ስምንት ወጡ፣ ግማሽ በግማሽ። ወንድሜ «በሽታው ከመቶ ሰው አንዱን ብቻ ቢይዝስ?» አለኝ። አንድ ባቄላ፣ ዘጠና ዘጠኝ በቆሎ አደረግሁ። ከዘጠና ዘጠኝ በቆሎ ከአሥሩ አንድ ስንት ነው? ዘጠኝ ነጥብ ዘጠኝ። ከአንድ ባቄላስ ዘጠኝ አሥረኛው እንዴት ይወጣል? ፍሬ መቁረጥ አይቻልም። በወረቀት ልሠራው እችላለሁ፤ በፍሬ እንዴት እንደሚታይ ግን በእውነት አላወቅሁም። ይህ ጥያቄ የእኔ ነው፤ ከእሱ በቀር የምጠይቀው ሰውም የለም። መልሱ ደግሞ አንድ ወይም ሁለት መስመር ነው፤ ባይመልስም ማንም አይጎዳም።

የላክሁት ይህ ነው፦

«ሰላም። ትናንት በረንዳው ላይ ከመስኮቱ አጠገብ የተቀመጥኩት፣ ሰማያዊ ደብተር የያዝኩት ነኝ። ሰፌዱን እንዲቆጥረው ለእሱ መስጠትህ ደስ አለኝ፤ እኔም የገባኝ ያኔ ነው። ቤት ለወንድሜ በበቆሎና በባቄላ አሳየሁት፤ እሱ ግን በሽታው ከመቶ አንድ ሰው ብቻ ቢይዝስ አለኝና ፍሬው አልከፈል አለኝ። አንተ እንዴት ታሳየው ነበር? ቅዳሜ ብትነግረኝም ይበቃል።»

እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ለምን እንደገባ ልናገር። መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ በቦታዬ ተናገርኩ፤ የቴሌግራም ስሜና ፎቶዬ ማንነቴን አይናገሩምና «ማን ልበል?» ብሎ ከመጠየቅ አድኜዋለሁ። «አደንቅሃለሁ» የሚለውን አውጥቼ ያየሁትን አንድ ነገር ብቻ አስቀመጥኩ። ስለ ሰውየው ባሕርይ የሚናገር ምስጋና ለማንም ሊላክ ይችላል፤ ሰፌዱን ለማን እንደሰጠ የሚናገረው ግን ያንን ከሰዓት ለነበረ ሰው ብቻ ነው። «ደስ አለኝ» ማለቴ፣ «ወደድኩት» አለማለቴም ሆን ብዬ ነው፤ ሁለተኛው ስለ ነገሩ ይሁን ስለ እሱ አይለይም። የመጨረሻው መስመር ከሁሉም ይበልጥ ዋጋ አለው። «ቅዳሜ ብትነግረኝም ይበቃል» ሲባል በጽሑፍ አለመመለስም መልካም መንገድ ይሆናል። ዝም ቢልም ነገሩ አልተቋረጠም፤ ቅዳሜን ይጠብቃል።

የልብ ምልክት አላስገባሁም። ቡናም አልጋበዝኩም፤ በጅማ ቡና እንጠጣ ማለት ቀላል ነው፣ «ልጋብዝህ» ሲባል ግን የሚከፍልና የሚከፈልለት ይኖራል፤ ያ ለሌላ ቀን ነው።

የላክሁት እሑድ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ነበር። ከዚያ በላይ ማዘግየት አልፈለግሁም፤ ሰፌዱ ከአእምሮው ሳይወጣ መድረስ ነበረበት። ማታም አልፈለግሁም፤ ያው ቃል ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ሲደርስ ሌላ ትርጉም ይይዛል። ከላክሁ በኋላ አንድ ምልክት ታየ፤ ለረጅም ጊዜም አንድ ሆኖ ቆየ። በቴሌግራም አንዱ ምልክት መልእክቱ ከእኔ መውጣቱን ብቻ ነው የሚናገረው፤ ስልኩ ይከፈት ይዘጋ፣ ኢንተርኔት ይኑረው አይኑረው አያሳይም። ሁለት ሲሆን ተነብቧል ማለት ነው። እኔ ስልኬን ለእህቴ ሰጥቼ ልብስ ማጠብ ጀመርኩ። አንድ የፊደል ስህተት አይቼ ነበር፤ ላርመው ብዬ ተውኩት። ሲታረም ከሰዓቱ አጠገብ መታረሙ ይታያል፤ ለአንዲት ፊደል ብሎ ምን ቀይራ ይሆን እንዲል አልፈለግሁም።

ማታ 2 ሰዓት አካባቢ መብራት ጠፍቶ ሳለ መልሱ መጣ። «ሰማያዊ ደብተሩን አስታውሳለሁ። ከመቶ አትጀምሪ፣ ከሺህ ጀምሪ። አሥር ባቄላ፣ ዘጠኝ መቶ ዘጠና በቆሎ። ወንድምሽ ቆጥሮ ይንገረኝ።» በሻማ ብርሃን በወረቀት ሠራነው፦ ከባቄላው ዘጠኝ፣ ከበቆሎው ዘጠና ዘጠኝ፣ በድምሩ አንድ መቶ ስምንት። ምርመራው ያው ነው፤ ሕመሙ ግን ብርቅ ስለሆነ፣ «አለብህ» ከተባሉት ከየአሥራ ሁለቱ ሰዎች በእርግጥ የታመመው አንዱ ብቻ ነው። «አንድ መቶ ስምንት፤ ከአሥራ ሁለት አንዱ። ወንድሜ አመስግኖሃል» ብዬ ጽፌ እዚያው ላይ አቆምኩ። ጨዋታው እንዲቀጥል ሌላ ጥያቄ መፈለግ እችል ነበር። ግን የመጣሁበትን አግኝቻለሁ፤ ቅዳሜም ቅርብ ነው።

ባይመልስ ኖሮ ምን አደርግ እንደነበርም ወስኜ ነበር፦ ሁለተኛ አልጽፍም። ቅዳሜ ከሌሎቹ እኩል ሰላም እለዋለሁ፤ ስለ መልእክቱ እሱ ካላነሳ አላነሳም። «ደርሶህ ነበር?» ብሎ በሰው ፊት መጠየቅ ያ የጥያቄ ምልክት ብቻውን ሲላክ ከሚያደርገው የተለየ አይደለም።

ቅዳሜ ዝናቡ ቀደም ብሎ ነበር የጀመረው። በረንዳው ላይ ስደርስ እሱ ባለ ሦስት እግሩ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ደብተሩን ያገላብጣል። ቀና ብሎ አየኝና፣ ስለ ምንም ሳይጠይቀኝ በፊት፣ «ወንድምሽ በቆሎውን በእርግጥ ቆጠረው ወይስ በወረቀት ነው?» አለኝ። በወረቀት ነው አልኩት። አጠገቡ ያለውን ባዶ በርጩማ ወደ እኔ ገፋው።